«ፍሬ ነገሩን ብቻ ንገሩኝ» እየተባለ ቤት አይያዝ!

መስቀል ሲደርስ እምድብር በልጆቿ ትሞላለች። ከመርካቶ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ የሚነግዱት ሁሉ ይገባሉ። ክትፎው ተበልቶ፣ ምርቃቱ ተሰጥቶ ሲያበቃ የገንዘብ ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም። አንዱ ልጅ ሱቁን ሊያሰፋ ነው። ባንኩ ብድር ሊፈቅድለት ፈልጓል፣ የጎደለው መያዣ ብቻ ነው። መያዣ የሚሆነው ደግሞ እምድብር ከተማ ውስጥ ያለው የአባት ቤት ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘጠኝ ገጽ ውል ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ይላካል። ፊደል የቆጠረው የቤቱ ልጅ ስልኩን ይከፍትና ገጹን በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ለአባቱ እንዲህ ይላል፦ «ልጅዎ አንድ ሚሊዮን ተኩል ብር ተበደረ፣ በአምስት ዓመት ይከፍላል፣ ቤቱ መያዣ ነው። ይፈርሙ።»

ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱም ሐሰት አይደለም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሰውየውን ያታልሉታል፤ ፈራሚው አባት ራሳቸው ምን ግዴታ እንደገቡ፣ መቼ እንደሚጠየቁና ባይሆን ምን እንደሚደርስባቸው አንድ ቃል አይነግሩም። ስለ ልጁ ዕዳ ሰምተው ስለ ራሳቸው ዕዳ ይፈርማሉ።

ይህ ልማድ መቆም አለበት። ውል እንደ ሰርግ ወሬ በጥቅሉ አይተረክም። ውልን አሳጥሮ ማስረዳት የሚቻለው በአንቀጽ በአንቀጽ ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ የሚደረግ «ማጠቃለያ» ምንም ካለመስማት የከፋ ነው፤ ምንም ያልሰማ ሰው ቢያንስ አለማወቁን ያውቃልና።

«ዋናው ነገር» ብሎ መምረጥ ለምን እንደሚያሳስት አገር የሚያውቀው ምሳሌ አለ። በጥቅምት 2003 የግብርና ሚኒስቴር ካሩቱሪ ከተባለው የሕንድ ኩባንያ ጋር በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት የማከራየት ውል ፈረመ። የውሉ ቅጂ በይነመረብ ላይ ወጥቶ ነበር። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ከዚያ ሁሉ ገጽ መዝዞ ያወራው አንድ ነገር ነው፤ በሄክታር በዓመት 20 ብር። ረከሰ፣ አልረከሰም እየተባለ ስንት ቀለም ፈሰሰ። ውሉ በታኅሣሥ 2008 ሲቋረጥ ግን ምክንያቱ ኪራዩ አልነበረም። መንግሥት ያነሳው መሬቱን በጊዜው የማልማት ግዴታን ነው፤ ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ዋጋውን ሲያነብ ውሉን ያፈረሰው ቀነ ገደቡ ነበር። የ100,000 ሄክታር ውልም ሆነ የአንድ ቤት መያዣ የሚፈርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ዋጋ ሁሉም ያነበዋል፣ ግዴታና ቀን ግን ተዘሎ ይታለፋል።

እንግዲህ ወደ እምድብሩ ቤት እንመለስና ዘጠኙን ገጽ እንደሚገባው እናሳጥረው። ውሉ ለምሳሌ የቀረበ ነው፤ አንቀጾቹ ግን በብድርና በመያዣ ውሎች ላይ የተለመዱ ዓይነት ናቸው።

መጀመሪያ የሚደረገው ማንበብ አይደለም፣ መቁጠር ነው። ስካን የተደረገ ውል ገጽ ይጎድለዋል፤ ከጀርባው የተጻፈው ሳይነሳ ይቀራል፤ ኅዳጉ ተቆርጦ የአንቀጹ ቁጥር ይጠፋል። ገጽ 6 «በአባሪ 1 በተመለከተው ሠንጠረዥ መሠረት» ካለና አባሪ 1 ከሌለ፣ የመክፈያ ቀኖቹ እጅ ላይ የሉም ማለት ነው። እዚህ ላይ ሥራው ይቆማል፤ አባሪው ይጠየቃል። የደበዘዘ ቁጥርም አይገመትም። 3 ነው 8 ያልተለየ አኃዝ «አይነበብም፣ ገጽ 4» ተብሎ ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ ውሉ መጠኑን በፊደልም ይደግመዋልና በዚያ ማመሳከር ይቻላል። በፊደል ካልተደገመ ከዋናው ሰነድ ላይ እስኪታይ ድረስ ቦታው ባዶ ይቆያል። በግምት የተሞላ ቁጥር ንጹህ ሆኖ ሲጻፍ ማንም መልሶ አይጠረጥረውም፤ አደጋው እሱ ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አራት ጥያቄ ይቀርባል፦ ማን? ምን ያደርጋል? እስከ መቼ፣ ከምን ተቆጥሮ? ካላደረገስ? ከመልሱ ጎን የአንቀጹና የገጹ ቁጥር ይጻፋል። ግዴታ የሌለበት አንቀጽም አይዘለልም፤ «ግዴታ የለውም» ተብሎ በቁጥሩ ይቀመጣል። አለበለዚያ የተዘለለው ስለማይጠቅም ይሁን አንባቢው ስለደከመው ማንም አያውቅም።

«ማን?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የውል አማርኛ ግን አድራጊውን መደበቅ ይወዳል። «የቤቱ የመድን ዋስትና በየዓመቱ ይታደሳል» ይላል። ማን ያድሰዋል? ልጁ ነው? አባት ናቸው? ባንኩ ራሱ ነው? «ወጪው ይሸፈናል» ይላል። በማን ኪስ? ማጠቃለያ ጸሐፊው «ይታደሳል» የሚለውን እንዳለ ከገለበጠ አላሳጠረም፣ ቀድቷል። ሥራው ሌላ አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ባለዕዳውን መፈለግ ነው። ከተገኘ ስሙ ይጻፋል፤ ካልተገኘ «ማን እንደሆነ ውሉ አይናገርም» ይባላል። ይህች አንዲት መስመር ከመፈረሙ በፊት ባንኩ ዘንድ ቀርባ መልስ የምታገኝ ጥያቄ ናት። ከተፈረመ በኋላ ግን የክርክር መነሻ ትሆናለች።

«ይችላል»ን እና «አለበት»ን ማቀላቀልም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ማለቱ፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ መጻፉ አገር ለአገር አዋግቷል። «ባንኩ የወለድ ምጣኔውን ሊያሻሽል ይችላል» የሚል አንቀጽ «ወለዱ 17 በመቶ ነው» ተብሎ ሲጠቃለል፣ ያ «ይችላል» ጠፋ ማለት ነው። አባት ለአምስት ዓመት የጸና ወለድ የሰሙ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀኑ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። «በ30 ቀን ውስጥ» የሚል ቃል ብቻውን ቀን አይደለም። ከምን ተቆጥሮ? ከፊርማው? ገንዘቡ ከተለቀቀበት? ማስጠንቀቂያው ከደረሰበት? ወይስ ከተላከበት? ውሉ መስከረም 25 ተፈርሞ ገንዘቡ ጥቅምት 10 ቢለቀቅ፣ መነሻው በመለወጡ ብቻ የመጀመሪያው ክፍያ በ15 ቀን ይለያያል። ስለዚህ ማጠቃለያው መነሻውን ይጽፋል፣ ከዚያም ቆጥሮ ቀኑን ያስቀምጣል፦ «ገንዘቡ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ከተለቀቀ፣ የመጀመሪያው ክፍያ እስከ ኅዳር 10 ቀን 2018።» መነሻው ገና ያልደረሰ ከሆነ ደግሞ «ቀኑ ገና አልታወቀም፤ ገንዘቡ ሲለቀቅ ይቆጠራል» ብሎ ክፍት ይተወዋል።

ጳጉሜንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ከነሐሴ 20 ጀምሮ 30 ቀን የሚቆጥር ሰው በልማድ «መስከረም 20» ይላል። ጳጉሜን አምስት ቀን ስትሆን 30ኛው ቀን መስከረም 15 ነው። አምስት ቀን የዘገየ ሰው «በወሩ ከፈልኩ» ቢልም ውሉ የሚለው ሌላ ነው። 9/3/2018 ተብሎ የተጻፈ ቀንም አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 9 ነው፣ በአውሮፓውያኑ ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈ መጋቢት ወይም መስከረም ሊሆን ነው። ማጠቃለያው ወሩን በስሙ ይጻፍ፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይናገር።

አሁን የዘጠኙ ገጽ ማጠቃለያ ምን እንደሚመስል እንይ። ሙሉው ሁለት ገጽ ይሆናል። ለአባት የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው፦

አንቀጽ 3.1፣ ገጽ 2፦ ተበዳሪው ልጅ በየወሩ በ60 ጊዜ ይከፍላል። የመጀመሪያው ክፍያ ገንዘቡ በተለቀቀ በ30ኛው ቀን ነው። ካልከፈለ፦ አንቀጽ 7.1 ይታይ።

አንቀጽ 4.2፣ ገጽ 3፦ ባንኩ ወለዱን መለወጥ ይችላል። አስቀድሞ ለማሳወቅ የገባው ግዴታ አልተጻፈም። (ጥያቄ)

አንቀጽ 5.3፣ ገጽ 4፦ የቤቱ መድን በየዓመቱ ይታደሳል። ማን እንደሚያድስ ውሉ አይናገርም። በ15 ቀን ውስጥ ካልታደሰ ባንኩ ራሱ አድሶ ወጪውን ዕዳው ላይ ይጨምራል። (ጥያቄ)

አንቀጽ 7.1፣ ገጽ 5፦ አንድ ወር ክፍያ ከተዘለለ ባንኩ ቀሪውን ዕዳ በሙሉ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ይችላል፤ «ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ»።

አንቀጽ 9.2፣ ገጽ 6፦ ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል።

አንቀጽ 11.1፣ ገጽ 7፦ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ በውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ ከተላከ እንደደረሰ ይቆጠራል። የተጻፈው አድራሻ፦ የልጁ ሱቅ፣ አዲስ አበባ።

አንቀጽ 2፣ ገጽ 8 (የዋስትና ውል)፦ አባት ለዕዳው «በአንድነትና በነጠላ» ዋስ ሆነዋል። የዋስትናው ጣሪያ ብር መጠን፦ ቦታው ባዶ ነው። (ጥያቄ)

ከሦስቱ ዓረፍተ ነገር «ፍሬ ነገር» ጋር ይነጻጸር። እዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ትረካ ጨርሶ ያልነበሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም የሚወድቁት አባት ላይ ነው።

አንደኛው አድራሻው ነው። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ እንዲሸጥ በውል መስማማት እንደሚቻል፣ ለዚህም ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚያስፈልግ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ተደንግጓል። ስለዚህ እነዚያ 30 ቀናት ቤቱን ለማዳን የቀሩ የመጨረሻ ቀናት ናቸው። አንቀጽ 9.2ን ብቻ ያነበበ «30 ቀን ጊዜ አለኝ» ብሎ ይጽናናል። አንቀጽ 11.1ን አብሮ ያነበበ ግን ደብዳቤው የሚሄደው አዲስ አበባ ወዳለው ሱቅ መሆኑን ያያል። ንግዱ የከሰረበት ልጅ ሱቁን ዘግቶ ከሆነ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ማንም በማይከፍተው በር ሥር በወደቀ ወረቀት ነው። አባት የሚሰሙት የሐራጅ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ከመፈረሙ በፊት የአባት አድራሻና ስልክ በተጨማሪ እንዲጻፍ መጠየቅ። ግን ማን ይጠይቃል? የአድራሻ አንቀጽ «ፍሬ ነገር» ሆኖ ተነግሮ አያውቅም።

ሁለተኛው «በአንድነትና በነጠላ» የምትለው ሐረግ ናት። ለጆሮ ምንም የማትል ናት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። ተራ ዋስ የሆነ ሰው፣ አበዳሪው መጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት እንዲያሳድድ መጠየቅ ይችላል። የአንድነት ዋስ የሆነ ግን በቁጥር 1933 መሠረት ተበዳሪው ሳይከሰስ በቀጥታ ሊጠየቅ ይችላል። በልጁ መጋዘን ዕቃ ሞልቶ እያለ ባንኩ እምድብር ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። በቀላል አማርኛ የዚህ ሐረግ ትርጉም «ዕዳው የአባትም ነው፤ ባንኩ መጀመሪያ እርሳቸውን ሊጠይቅ ይችላል» የሚል ነው። ማጠቃለያ የሚባለው ይህን በዚህ ቋንቋ ሲናገር ነው። ሐረጉን እንዳለ ያሸጋገረ ጸሐፊ ሥራውን ለሰሚው ትቶለታል።

ባዶ የሆነው የጣሪያ ቦታም ተራ ክፍተት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 የዋስትናው ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸ የዋስትና ውሉ ውጤት የለውም ይላል። ታዲያ ማጠቃለያው «ውሉ ፈራሽ ነው» ብሎ መጻፍ ይችላል? አይችልም፤ ወሰኑም እዚህ ጋ ነው። መጠኑ በሌላ ገጽ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ባዶው ቦታ ከፊርማ በኋላ ሊሞላም ይችላል። የማጠቃለያው ድርሻ «ባዶ ነው» ብሎ መመስከር ነው። ፍርዱ የሕግ ባለሙያ ነው። ባዶ ቦታ እያለ ግን ብዕር አይነሳም፤ ይህን ለማለት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ።

«ውሉ ሲፈረም ይነበብ የለ?» ይባላል። አዎ፣ ይነበባል። በምን ቋንቋ? የእምድብር አባት የአፍ መፍቻቸው ቸሃ ነው። አማርኛ ለገበያና ለወግ ያውቃሉ። «ተያዥ»፣ «ውዝፍ»፣ «በአንድነትና በነጠላ» የሚሉትን ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገውም አይረዳቸውም። በየጆካ ሸንጎ ሽማግሌ ነገር ሲያይ በሚሰማ ቋንቋ፣ በሰው ፊት፣ የተጠየቀው እስኪገባው ድረስ ነው። ባህሉ ያለው ሕዝብ ለባንክ ወረቀት ሲሆን በችኮላ ንባብ የሚረካበት ምክንያት የለም። ማጠቃለያው በአማርኛ ይጻፍ፤ ከዚያ በቸሃ እየተነገረ እያንዳንዱን መስመር አባት በራሳቸው ቃል መልሰው ይናገሩት። መልሰው ሊናገሩት ያልቻሉት አንቀጽ አልተረዳም፤ ጽሑፉ ይታረማል።

«ጠበቃ አለ አይደል?» ይባላል። አለ። ግን ዘጠኝ ገጽ ተሸክሞ «ይህን እይልኝ» ብሎ የሚሄድና በሦስት ጥያቄ የሚሄድ ሰው የሚከፍሉት ዋጋም የሚያገኙት መልስም አንድ አይደለም። ከላይ ባለው ማጠቃለያ ላይ «ጥያቄ» የተባሉት ሦስት መስመሮች ናቸው። ወልቂጤ ድረስ የሚያስኬዱት እነዚያ ናቸው። ማጠቃለያው ጠበቃን አይተካም፤ ውሉንም አይተካም። በአናቱ ላይም ይህ ይጻፍ፦ «የሚያስገድደው ውሉ ነው፤ ይህ ለመረዳት ብቻ ነው።» የገጹ ቁጥር በየመስመሩ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው፤ የተጠራጠረ ሰው ወደ ዋናው እንዲመለስ።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ «ልጄን እንዴት አላምነውም? ይህን ሁሉ መጠየቅ ነውር ነው» የሚለው። ቤት የሚያስይዘው አብዛኛውን ጊዜ ይህ እንጂ አለማንበብ አይደለም። ጉራጌ በሥራ የሚታወቀው አንዱ ለሌላው ዋስ እየሆነ፣ የቀደመው የተከተለውን እየደገፈ ነው፤ ይህን የሚንቅ ሰው የለም። ነገር ግን ውሉ የተጻፈው በአባትና በልጅ መካከል አይደለም። በአባትና በባንክ መካከል ነው። የልጁ ታማኝነት በዘጠኙ ገጽ ውስጥ አንድም አንቀጽ የለውም። ልጁ ቅን ሆኖ ዕቃው ቢቃጠል፣ ታሞ ቢተኛ፣ ገበያው ቢሞት አንቀጽ 7.1 ያው አንቀጽ 7.1 ነው። እንዲያውም አባቱን የሚወድ ልጅ ማጠቃለያውን መጀመሪያ ራሱ ጽፎ ማምጣት ያለበት ነው። «ምን ይጠይቃሉ፣ አያምኑኝም?» የሚል ልጅ ደግሞ የሚጠብቀው የራሱን ክብር ነው። የአባቱን ጣሪያ አይደለም።

ስለዚህ ነገሩ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። አንደኛው ፊርማ ፈላጊው ነው። ተማሪ ቤት የገባ፣ ስልክ የያዘ፣ ፒዲኤፍ መክፈት የሚችል ልጅ ወላጁን ለፊርማ ከመጥራቱ በፊት በአንቀጽ በአንቀጽ የተጻፈ ሁለት ገጽ ይዞ የመቅረብ ዕዳ አለበት። ሁለተኛው ፈራሚው ነው። ያ ሁለት ገጽ እስኪመጣ፣ ባዶ ቦታዎቹ እስኪሞሉና አድራሻቸው እስኪጻፍ ድረስ «ቆይ» ማለት መብታቸው ነው። ባንኩ ለመመርመር ሳምንታት የወሰደበትን ብድር አባት አንድ ቀን ተኩል ቢመረምሩት ማንም አይሞትም።

ከተፈረመም በኋላ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ አይቀበርም። ከማጠቃለያው ውስጥ ቀን ያለባቸው መስመሮች ብቻ ተለይተው በአንድ ወረቀት ይጻፉ፦ የወሩ ክፍያ፣ የመድኑ እድሳት፣ አድራሻ ሲቀየር ለባንኩ የሚጻፍበት። ያ ወረቀት ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ ይሰቀል። አባት በየወሩ በኅዳር 10፣ በታኅሣሥ 10፣ በጥር 10 ስልክ ደውለው «ከፈልክ ወይ? ደረሰኙን ላክልኝ» ቢሉ ጭቅጭቅ አይደለም። ዋስ ናቸውና የራሳቸውን ዕዳ እየጠየቁ ነው።